ለክሊኒክ ባለ 24 ፖርት ፒኦኢ ስዊች፦ የፕሮፎርማ ደብዳቤው ላይ ጥያቄና መልስ

ግዢ ክፍል፦ ኢንጂነር እንደምን አሉ? ሜክሲኮ አካባቢ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ለአቅራቢዎች «ባለ 24 ፖርት ፒኦኢ ስዊች፣ ብዛት 2፣ ከነዋስትናው ዋጋ ይላክልን» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ፕሮፎርማ መጣልኝ፤ ትልቁ የትንሹን እጥፍ ነው። ማነው የሚያጭበረብረኝ?

ኢንጂነሩ፦ ምናልባት ማንም። እህቴ፣ ሦስቱም የጻፍሽውን ነው የሰጡሽ። ፒኦኢ ማለት ስዊቹ በኔትወርክ ኬብሉ በኩል ለዕቃው ኤሌክትሪክም ይሰጣል ማለት ነው። ገበያ ላይ «24 ፖርት ፒኦኢ» ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ኃይል የሚሰጠው 8 ወይም 16 ፖርት ብቻ የሆነ አለ። 24ቱም ኃይል ሰጥቶ በድምሩ 195 ዋት ብቻ የሚችል አለ። 370 ዋት የሚችልም አለ። ካርቶኑ ላይ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፣ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። ደብዳቤሽ ላይ ዋት የሚል ቃል ስለሌለ ሻጩ ደስ ያለውን ይልካል። ዋት ጻፉ! ስንቴ ልናገር?

አንድ ፎቅ ላይ ምን ምን ነው የምትሰኪው?

ግዢ ክፍል፦ 10 ካሜራ፣ 6 የጠረጴዛ ስልክ፣ 4 የዋይፋይ አክሰስ ፖይንት። ሁለተኛው ፎቅም ያው ነው።

ኢንጂነሩ፦ ጥሩ፣ እንደዚህ ነው የሚጠየቀው። የዕቃዎቹን ዳታሺት አውጪና ከፍተኛውን ፍጆታ አንብቢ። ካሜራው 12፣ ስልኩ 6፣ አክሰስ ፖይንቱ 20 ዋት ነው እንበል። 120 እና 36 እና 80፣ ድምሩ 236 ዋት። ለመጠባበቂያ ሩብ ጨምሪበት፣ 295 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ 195ቱ ወጣ፣ 370ው ይበቃል። አክሰስ ፖይንቱ 20 ዋት ከፈለገ ደግሞ ፖርቱ `802.3at` የሚባለውን የፒኦኢ ደረጃ የጠበቀ መሆን አለበት። አሮጌው `802.3af` ዕቃው ዘንድ የሚያደርሰው 12.95 ዋት ብቻ ነው።

195ቱን የገዛ ሰው ምን እንደሚገጥመው ልንገርሽ። ርክክቡ ቀን ነው። ካሜራው በቀን 5 ዋት፣ ስልኩ 4፣ ዋይፋዩ 14 ቢበላ በድምሩ 130 ዋት ነው። ሁሉም ይሠራል፣ ይፈረማል። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ካሜራዎቹ ለጨለማው ኢንፍራሬዳቸውን ያበራሉ። ካሜራው ወደ 12 ዋት ይወጣና ድምሩ 200 ይሆናል። ያኔ ስዊቹ ቅድሚያ ያልተሰጠውን ፖርት ይቆርጣል። የተቆረጠው ካሜራ ሲነሳ ሌላው ይጠፋል። ጠዋት ቴክኒሻኑ ሲመጣ ሁሉም ሰላም ነው፤ «ኬብላችሁ ነው» ብሎ ይሄዳል።

ኬብል ሳቢው፦ ኢንጂነር፣ ማካበድ አይሁንብኝና እኔ 195 ዋቱን ብዙ ቦታ ገጥሜያለሁ፣ ችግር የለውም። ዳታሺት ላይ ያለው ቁጥር የተጋነነ ነው። በተግባር ግማሹን እንኳን አይበላም።

ኢንጂነሩ፦ ቀን ከሆነ ልክ ነህ፣ እኔም ብያለሁ። ግን አንዳንዱ ስዊች የሚቆጥረው የሚበላውን ሳይሆን ዕቃው የጠየቀውን የኃይል ክላስ ነው። አክሰስ ፖይንቱ 14 እየበላ 30 ዋት ያስይዛል። አራት አክሰስ ፖይንት 120 ዋት አስያዘ ማለት ነው። ከ195 ምን ቀረ?

ኬብል ሳቢው፦ እሱን ሴቲንግ ላይ መቀየር ይቻላል።

ኢንጂነሩ፦ በአንዳንዱ ይቻላል፣ በአንዳንዱ አይቻልም። ክሊኒክ ውስጥ ማን ቁጭ ብሎ ይቀይራል?

ኬብል ሳቢው፦ ለባለሙያ ከፍለው ነዋ። የዋጋው ልዩነት እኮ ቀላል አይደለም።

ፋርማሲስቱ፦ የኛም ካሜራ ማታ ማታ ይጠፋል! ሁለት ጊዜ ኬብል ቀየሩልን። እንዴት ነው የማረጋግጠው?

ኢንጂነሩ፦ ስዊቹ ሲስኮ ከሆነ ማታ፣ ካሜራው በጠፋበት ሰዓት፣ ይህን ጻፍ፦

```
show power inline
```

ላይኛው መስመር ላይ `Available`፣ `Used` እና `Remaining` ይላል። `Remaining` ወደ ዜሮ ከተጠጋ ኬብሉን ተወው። ቀን አትሞክረው፣ ምንም አያሳይህም። ሌላ ብራንድ ከሆነ የማኔጅመንት ገጹ ላይ ፒኦኢ የሚለውን ክፍል ፈልግ።

አዲስ ገቢ፦ ዋጋው ስንት ነው አሁን?

ኢንጂነሩ፦ ፕሮፎርማ ጠይቅ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የምጽፍልህ ዋጋ ለሳምንቱ ላይሠራ ይችላል።

ግዢ ክፍል፦ ዋስትናው ላይስ ምን ብዬ ልጻፍ? አንዱ «1 ዓመት»፣ ሌላው «ላይፍታይም» ብሏል። ላይፍታይም ይሻላል አይደል?

ኢንጂነሩ፦ የማን ላይፍታይም? የአምራቹ ነው የሻጩ? አምራቹ የሚሰጠው ላይፍታይም አብዛኛውን ጊዜ በሕጋዊ ወኪል በኩል ለገዛ ነው። ዕቃው በሌላ መንገድ ከዱባይ የገባ ከሆነ ወረቀቱ እዚህ ላይሠራልሽ ይችላል። ደግሞ ላይፍታይም ሲባል ፓወር ሰፕላዩና ፋኑ ተለይተው አጠር ያለ ጊዜ የሚሰጣቸው አለ። ቀድሞ የሚበላሸው ደግሞ እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ዓመቱን ብቻ አትጠይቂ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ጠይቂ። አምራቹ ከላከበት ቀን ከሆነ፣ መጋዘን ያደረው ዕቃ ዋስትናውን በልቶ ነው የሚመጣልሽ። ሲበላሽ የት እንደሚወሰድና በስንት ቀን እንደሚተካ ጠይቂ። እስኪተካ ድረስ ተለዋጭ ያመጣሉ ወይ? ስዊቹ ሲሞት የካርድ ክፍሉ ስልክና ዋይፋይ አብሮ ይሞታል። አንድ ወር መጠበቅ የምትችሉ አይመስለኝም። ሁሉንም በጽሁፍ፣ በማህተም። «ችግር የለም፣ እኛ አለን» የሚለው የስልክ ቃል ዋስትና አይደለም።

ደብዳቤውን እንዲህ አድርጊው፤ ከዚህ በላይ አታስረዝሚው፦

> ቀን፦ ………
> ቁጥር፦ ………
>
> ለ፦ ………
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ የስዊች ዋጋ ማቅረቢያና የዋስትና ሁኔታ ስለመጠየቅ
>
> ክሊኒካችን 2 ባለ 24 ፖርት ማኔጅድ ፒኦኢ ስዊቾችን መግዛት ይፈልጋል። 24ቱም ፖርቶች IEEE 802.3at ኃይል የሚሰጡ፣ የእያንዳንዱ ስዊች ጠቅላላ የፒኦኢ አቅም ከ370 ዋት ያላነሰ፣ ከ24ቱ ውጭ ቢያንስ 2 ኤስኤፍፒ አፕሊንክ ያላቸው እንዲሆኑ እንጠይቃለን።
>
> ፕሮፎርማው ሙሉውን የሞዴል ቁጥር፣ የአንዱን ዋጋ ከቫት በፊትና ከቫት ጋር፣ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን እና የማስረከቢያ ጊዜን እንዲገልጽ፣ ዳታሺትም እንዲያያዝ እንጠይቃለን።
>
> ስለ ዋስትናው የሚከተሉትን በጽሁፍ እንድትገልጹልን እንጠይቃለን፦ ዋስትናው የአምራቹ ነው ወይስ የድርጅታችሁ፤ ከመቼ ጀምሮ ለምን ያህል ጊዜ ይጸናል፤ ፓወር ሰፕላይና ፋንን ይጨምራል ወይ፤ ብልሽት ሲያጋጥም በስንት የሥራ ቀን ይተካል፣ እስከዚያስ ተለዋጭ ይቀርባል ወይ፤ ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር የተያያዘ ብልሽት በምን ሁኔታ ይሸፈናል፣ በምን ሁኔታስ አይሸፈንም።
>
> የስዊቾቹ ሴሪያል ቁጥር በደረሰኙና በርክክብ ሰነዱ ላይ እንዲሰፍር በቅድሚያ እናሳውቃለን።
>
> ከሰላምታ ጋር

ልደታ ነኝ፦ የመጨረሻዋን ስለ ኤሌክትሪክ ያሉትን ወድጄያታለሁ። እኛ የገዛነው ስዊች መብራት ሄዶ ሲመለስ ሞተ። ሻጩ ከፍቶ እንኳን ሳያየው «የመብራት ነው፣ አይሸፈንም» አለን። በቃ ቀረ።

ኢንጂነሩ፦ ያቺ ዓረፍተ ነገር የገባችው ለዚህ ነው። እኛ አገር መብራት ሄዶ መምጣቱ የታወቀ ነው። ሻጩ «የመብራት» ባለ ቁጥር ዋስትናው ከወደቀ ዋስትና የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሁኔታው አስቀድሞ ይጻፍ። ለምሳሌ ስዊቹ በዩፒኤስ በኩልና ኧርዝ ባለው ሶኬት ከተሰካ ይሸፈናል ይበሉ። አይሸፈንም ካሉ ደግሞ ምክንያቱን በቴክኒክ ሪፖርት እንዲያሳዩ ይስማሙ። ይህን የማይቀበል ሻጭ ሊኖር ይችላል። መብቱ ነው፤ ግን ከመክፈልሽ በፊት ትሰሚያለሽ።

ፋርማሲስቱ፦ ለዩፒኤስ 650 ቪኤ ይበቃል? ለኮምፒውተር ገዝተን የተረፈ አለ።

ኢንጂነሩ፦ አይበቃም። 370 ዋት የሚያድል ስዊች ራሱ የሚበላውና በሙቀት የሚያባክነው ተጨምሮበት ከግድግዳው 450 ዋት ገደማ ሊስብ ይችላል። የ650 ቪኤ ዩፒኤስ ደግሞ በዋት ሲነገር ብዙ ጊዜ ከ400 በታች ነው። ቪኤውን ሳይሆን ዋቱን አንብብ። እዚህም ዋት!

የላብ ቴክኒሻን፦ ይቅርታ ጥያቄ አለኝ። የላብ ማሽኑን ኮምፒውተር ፒኦኢ ፖርት ላይ ብሰካው አይቃጠልም?

ኬብል ሳቢው፦ ያቃጥላል፣ አትሰኪ! በዓይኔ አይቻለሁ፣ የኔትወርክ ካርዱ ጨሰ።

ኢንጂነሩ፦ ያየኸው ፓሲቭ ኢንጀክተር ይሆናል። እሱ ማንም ይሰካ ማን ዝም ብሎ ኃይል ይለቃል፣ በእርግጥ ያቃጥላል። ደረጃውን የጠበቀ ስዊች ግን መጀመሪያ በትንሽ ቮልቴጅ ይፈትሻል፤ ዕቃው ፒኦኢ ተቀባይ መሆኑን ካላወቀ ኃይል አይሰጥም። ኮምፒውተሩን ስኪው። ስጋቱ ካለቀቀሽ የዚያን ፖርት ፒኦኢ አጥፊው፣ ማኔጅድ የሚገዛው ለዚህም ጭምር ነው። ደብዳቤው ላይ «ፒኦኢ» ብቻ ብላችሁ ካለፋችሁ ግን ፓሲቩም ሊመጣላችሁ ይችላል። `802.3at` ብላችሁ ጻፉ።

የቤት ባለቤት፦ ኢንጂነር፣ ጄኔሬተርና መብራት ኃይል የሚቀያይረው ስዊች ባለ ስንት አምፒር ልግዛ?

ኢንጂነሩ፦ እሱ ሌላ ስዊች ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠይቅ።

አዲስ ገቢ፦ ጥሩ ብራንድ የቱ ነው? ዋጋውስ?

ኢንጂነሩ፦ አንድ ጊዜ መልሻለሁ። ብራንድ አልመርጥም፣ ከላይ አንብብ።

ግዢ ክፍል፦ ኢንጂነር፣ ደብዳቤውን ልኬ ነበር። ሁለቱ ሙሉ መልስ ሰጡ። በጣም ርካሹ ግን ዋስትና የሚለው ላይ «1 ዓመት» ብቻ ብሎ ሌላውን ዘለለው። አለቃዬ እሱን ውሰጂ እያሉኝ ነው።

ኢንጂነሩ፦ የዘለላቸውን ጥያቄዎች ብቻ ለይተሽ መልሰሽ ላኪለት፣ የሁለት ቀን ገደብ ስጪው። በጽሁፍ ካልመለሰ «አይሸፈንም» ብለሽ ቁጠሪው። ዋጋ ማወዳደሪያው ሠንጠረዥ ላይም እንደዚያው ብለሽ ጻፊ፣ አለቃሽ አይተው ይፈርሙበት። የሞዴል ቁጥሩንስ ሙሉ ሰጥቷል?

ግዢ ክፍል፦ «24ፒ» ነው የሚለው፣ ዋቱ የለም።

ኢንጂነሩ፦ እህቴ!

ኬብል ሳቢው፦ በዚያ ዋጋ 195ቱ ነው። እኔን ብትሰሚኝ ሦስት ግዢና አንዱን ለመጠባበቂያ አስቀምጪ፣ ከየትኛውም ዋስትና ይሻላል።

ኢንጂነሩ፦ መጠባበቂያ መያዙ ክፋት የለውም፣ በጀት ካለ። የሚያንሰውን ሦስት መግዛቱ ግን ማታ የሚጠፋውን ካሜራ አያበራም።

ኬብል ሳቢው፦ ካሜራዎቹን ለሦስቱ ብታካፍላቸውስ?

ኢንጂነሩ፦ እሱ ያስኬዳል። ግን ያኔ መጠባበቂያ የለሽም፣ አፕሊንኩም ዩፒኤሱም ይጨምራል። ደምሪውና ከ370ው ዋጋ ጋር አስተያዪው።