90% ቫሪያንስ ይዞ ክላሲፋየሩ ለምን ወደቀ?

«ፒሲኤ ሰርቼ የመጀመሪያው ኮምፖነንት 90% ቫሪያንስ ያዘ፣ ሁለተኛውን ጣልኩት፣ ከዛ ክላሲፋየሬ ምንም አልለይ አለ። አይገንቬክተሩስ ምንድነው?»

ፒሲኤ እኮ ሌብልህን አያየውም፣ የሚያየው ዳታው በየት አቅጣጫ በብዛት እንደተበተነ ብቻ ነው። ቁመትና ክብደት አሉህ እንበል፣ ሁለቱንም ስታንዳርዳይዝ አድርገህ (ይሄን ካልዘለልክ ማለቴ ነው፣ ከዘለልክ ቁመትን በሚሊሜትር የለካ ሰው ቁመት ብቻ ነው የሚያገኘው) ኮሪሌሽናቸው 0.8 ቢሆን ኮቫሪያንስ ማትሪክሱ ይሄ ነው፦

```
[1.0  0.8]
[0.8  1.0]
```

ማትሪክሱን በ(1, 1) ብታባዛው (1.8, 1.8) ይወጣል። አቅጣጫው አልዞረም፣ ርዝመቱ ብቻ ተቀየረ፣ አይገንቬክተር ማለት ይኸው ነው፣ 1.8 ደግሞ አይገንቫልዩው፣ ማለትም በዛ አቅጣጫ ያለው ቫሪያንስ። (1, -1) ላይ ብትሞክረው 0.2 ታገኛለህ። ጠቅላላው 2 ስለሆነ 1.8 ለ2 ሲካፈል ያው ያንተ 90%።

አሁን ትርጉሙን እየው፣ (1, 1) «ሰውዬው ባጠቃላይ ግዙፍ ነው ወይ» ነው የሚለው፣ (1, -1) ደግሞ «ለቁመቱ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም»። ልትለይ የፈለግከው ውፍረትን ከሆነ መረጃው ያለው በጣልከው 10% ውስጥ ነው፣ ቀሪው 90% ምንም አይጠቅምህም።

ለማረጋገጥ የሁለቱንም ኮምፖነንት ስኮር ፕሎት አድርገህ ነጥቦቹን በሌብል ቀለም ቀባቸው፣ ቀለሞቹ በሁለተኛው አክሲስ ላይ ከተለያዩ ችግሩ እሱ ነው። እንደዛ ከሆነ ፒሲኤውን ተወው፣ ሁለት ፊቸር መቀነስም አያስፈልገውም፣ ፊቸሩ ብዙ ከሆነብህ ሌብሉን የሚያይ ኤልዲኤ ሞክር።