ሀ ሁን ለጊዜው ተዉት

ጥያቄ፦ «ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቻችን አማርኛ ልናስተምር ነው። 11 ልጆች አሉን፣ ከ5 እስከ 12 ዓመት። ያለን 45 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ወላጅ ደግሞ ጊዜ የለውም። ከየት እንጀምር?»

እኛ ስንጀምር ገበታውን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ከሀ ሁ ተነሳን። 231 ፊደል! ልጆቹ በዜማ ይወጡታል፣ ወላጅ ቆሞ በስልኩ ይቀርጻል። አንድ ቀን ከጎበዞቹ አንዱን ጠራሁና «ላ»ን ለብቻዋ ጽፌ አሳየሁት። ጣቱን እያጠፈ በሹክሹክታ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ» ብሎ ደረሰባት። ለካ ዜማውን ነው የያዘው። እናንተም ከመሃል አንድ ፊደል ጠቁሙ፤ ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ እየቆጠረ ነው።

አሁን በሦስት ፊደል ነው የምንጀምረው፦ በ፣ ለ፣ ሰ። እነሱንም ቢሆን ግዕዙን፣ ራብዑንና ሳድሱን ብቻ፤ በድምሩ ዘጠኝ። ራብዑ ቀላል ነው፤ ባ፣ ላ፣ ሳ ሁሉም ቀኝ እግራቸው ይረዝማል። ሳድሱ ግን ደንብ የለውም፤ ብ፣ ል፣ ስ በዓይን ነው የሚለመዱት። በነዚህ ዘጠኝ ብቻ በላ፣ ላባ፣ ልብስ፣ ሰበሰበ ይነበባል። ሦስት ሳምንት ይበቃቸዋል። ከዚያ «መ»ን ስትጨምሩ ስም፣ ሰማ፣ ሰላም ይመጣል። ንጉሡን ሠ አደራ አታንሱባቸው፤ «ለምን ሁለት ሰ አለ?» የተባለ ቀን ክፍለ ጊዜው አለቀ።

በዕድሜም በፊደል ችሎታም ግን አትከፋፍሏቸው። እኛ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ፊደል አታውቅም ብለን ከትንንሾቹ ጋር አስቀመጥናት፤ በሦስተኛው ሳምንት ቀረች። ጥፋቱ የኛ ነበር። ኋላ ተለማምጠን መለስናትና አማርኛው ከሚቀናው የ6 ዓመት ልጅ ጋር አጣመርናት። እሱ ያወራል፣ እሷ ትጽፋለች። የማታውቀው ፊደል ሲመጣ ባዶ መስመር ትተዋለች፣ በኋላ አብረን እንሞላዋለን። «ድመቷ ልብሴን በላ» ሲላት «በላች ነው!» ብላ አረመችው። ራሷ ማውራት የምታፍር ልጅ ነበረች።

ሰዓቱን እንዲህ ነው የምንከፍለው፦ 10 ደቂቃ ወሬ ብቻ፣ 15 ደቂቃ ፊደል፣ 15 ደቂቃ ጥንድ ሥራ። የቀረችው አምስት ደቂቃ ጫማና ጃኬት ፍለጋ ላይ ትሄዳለች፣ አትድከሙ።

ከወላጅ የቤት ሥራ አትጠብቁ። በሳምንት አንድ ጥያቄ በቴሌግራም እንልካለን፤ ለምሳሌ «አያትህን ልጅ ሳለች ምን ትጫወት እንደነበር ጠይቃት»። ወላጁ ስልኩን ደውሎ ለልጁ መስጠት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የቅዳሜው የመጀመሪያ 10 ደቂቃ ወሬ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ያልጠየቀ ልጅ ካለ የጓደኛውን ሰምቶ መልሶ ይነግረናል፤ አንቆጣውም።