2 በመቶ መብለጡ ችሎታ ነው ወይስ ዕድል?

«ፈንዴ ባለፉት 3 ዓመታት ኤስ ኤንድ ፒ 500ን በአማካይ በዓመት 2 በመቶ በልጦታል። ትራኪንግ ኤረሩ 6 በመቶ ነው ይላል። ሥራ አስኪያጁ ጎበዝ ነው ማለት ነው?»

እንደዚያ ለማለት ገና ነው።

መጀመሪያ 6 በመቶው ከየት እንደመጣ እንይ። ከፈንዱ የየወሩ ትርፍ ላይ የቤንችማርኩን፣ ማለትም የማወዳደሪያውን የኤስ ኤንድ ፒ 500ን፣ ትርፍ ቀንስ። 36ቱን ልዩነቶች ከD2 እስከ D37 አስቀምጠህ መዋዠቃቸውን በኤክሴል እንዲህ ታሰላለህ፦

```
=STDEV.S(D2:D37)*SQRT(12)
```

የሚለካው መዋዠቅን ብቻ መሆኑን ልብ በል። በየወሩ እኩል 0.2 በመቶ የሚሸነፍ ፈንድ ትራኪንግ ኤረሩ ዜሮ ነው!

ኢንፎርሜሽን ሬሾው ደግሞ ብልጫው ለትራኪንግ ኤረሩ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 2 ለ6 ሲካፈል 0.33 ነው። ቁጥሩ መጥፎ አይደለም። ችግሩ የጊዜው ማጠር ነው። ዕድልን ከችሎታ ለመለየት ሬሾውን በዓመታቱ ስኩዌር ሩት ታባዛለህ። 0.33 በ3 ስኩዌር ሩት ሲባዛ 0.58 ገደማ ይመጣል። በተለምዶ የሚፈለገው 2 አካባቢ ነው። በዚህ ሬሾ እዚያ ለመድረስ 36 ዓመት ይፈጃል። ያኔ ሰውየው ጡረታ ወጥቷል።

እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማየው ቤንችማርኩን ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የዋጋ ብቻ አለው፤ የትርፍ ድርሻ መልሶ የሚደምርም አለው። የፈንድህ ትርፍ የትርፍ ድርሻን ይጨምራል። ከዋጋው ኢንዴክስ ጋር ተወዳድሮ ከሆነና የትርፍ ድርሻው በዓመት 1.5 በመቶ ቢሆን፣ ከብልጫው የሚተርፈው 0.5 ብቻ ነው። ትራኪንግ ኤረሩ ግን ብዙም አይነቃነቅም፤ የትርፍ ድርሻ በየወሩ ተቀራራቢ ነውና። ሬሾው ወደ 0.08 ይወርዳል። በሪፖርቱ ላይ «ቶታል ሪተርን» የሚል መኖሩን ፈልግ።