ሥራ ሲዘገይ መጀመሪያ ቀኑን ንገሩ

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ በግንባታ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ብዙ ቤት ሠርቻለሁ፤ ብዙ ቤትም በቀጠሮው ቀን አላደረስኩም። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ስለዚያ ሰዓት ነው፤ ሥራው እንደሚዘገይ እርግጠኛ ሆናችሁ፣ ባለቤቱ ግን ገና ያልሰማበት ሰዓት።

ባለፈው ዓመት በቱሉ ዲምቱ በኩል አንድ ባለ ሁለት ፎቅ መኖሪያ ቤት እንሠራ ነበር። የአንደኛ ፎቁን ሶሌታ የካቲት 3 ሞላን። ጥንካሬው እንዲመረመር ከአርማታው የተወሰዱት ናሙናዎች፣ ኪዩቦቹ፣ ላቦራቶሪ ሄዱ። ግማሾቹ በ7 ቀን፣ የቀሩት በ28 ቀን ይሰበራሉ። የካቲት 10 ማታ ሳይቱን የምትመራው ወጣት መሐንዲስ ወረቀቱን ይዛ መጣች። ዲዛይኑ የሚጠይቀው ጥንካሬ 25 ሜጋ ፓስካል ነው። በ7 ቀን ከዚያ ሁለት ሦስተኛው ገደማ፣ ማለትም 16 ወይም 17 መድረስ ነበረበት። የእኛ 14 ነው። በዚህ አካሄድ በ28 ቀኑም 25 ላይ መድረሱ ያጠራጥራል።

እንዲህ ሲሆን የሚደረገው ግልጽ ነው። ከሥር ያለው ድጋፍ እንጨት አይነካም። ሶሌታው ውሃ መጠጣቱን ይቀጥላል። የሚቀጥለው ፎቅ ክብደት በላዩ አይጫንም። የሁለተኛ ፎቁን ፎርምወርክ የካቲት 15 ልንጀምር ነበር፤ አሁን የ28 ቀኑን ውጤት መጠበቅ አለብን፤ እሱም መጋቢት 1 ነው።

ልጅቷ ለቤቱ ባለቤት ለእትዬ በቴሌግራም የምትልከውን ጽፋ አሳየችኝ። የስልኩን ስክሪን ሁለት ጊዜ ይሞላል። ሰላምታው ረጅም ነው። ቀጥሎ ሥራው ምን ያህል በጥራት እየተሠራ እንደሆነ። ቀጥሎ ስለ ኪዩብ ምርመራ ማብራሪያ። ቀጥሎ የሲሚንቶ ገበያ ችግርና በእኛ ላይ የሚደርሰው ኪሳራ። መጨረሻው ላይ «በዚህ ምክንያት ሥራው ለተወሰኑ ቀናት ሊጓተት ስለሚችል በትዕግስት እንዲጠብቁን በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል። አልፈረድኩባትም። እንዲህ መጻፍ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

እኛ ክፉ ወሬ በድንገት አንናገርም። ሰው ሲሞትበት መርዶ በሌሊት አይነገረውም፤ ሽማግሌዎችና ዘመድ ይሰበሰባሉ፣ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ይህ ትልቅ ደግነት ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። የሥራ መዘግየት ግን መርዶ አይደለም። ሟችን ማንም አይመልሰውም፣ ስለዚህ ሐዘንተኛውን ማዘጋጀት ብቻ ነው የሚቻለው። ቤት የሚያሠራ ሰው ግን ቀኑን ካወቀ ገና የሚያደርገው ብዙ ነገር አለው። ዙሪያ ጥምጥም በሄድን ቁጥር ከእሱ ጊዜ ነው የምንወስደው።

ይህንን የተማርኩት በሰው ጉዳት ነው። ወጣት ሳለሁ በሰበታ መንገድ አንድ ቤት እንሠራ ነበር። በሰዓቱ እንደማይደርስ ካወቅኩ በኋላ አሥር ቀን ዝም አልኩ። ምናልባት አካክሰን እንደርስበታለን ብዬ ነው። ባለቤቱ በዚያ አሥር ቀን ውስጥ ለአከራዩ እለቃለሁ ብሎ ነበር። ቤተሰቡ ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ሲመጣ ቤቱ በርና መስኮት አልነበረውም። የልጆቹን አልጋ ከመኪና ሲያወርዱ አይቻለሁ። እስካሁን ይታየኛል።

ስለዚህ ልጅቷን አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት። «እትዬ ይህን አንብበው ሲጨርሱ ነገ ጠዋት ምን ያደርጋሉ?» ትንሽ አሰበችና «ምንም፣ ጋሼ» አለች። «እንግዲያው አልነገርሻቸውም» አልኳት።

ቁጭ ብለን እንደገና ጀመርን። መጀመሪያ ቀኑ። የሁለተኛ ፎቁ ሥራ ከየካቲት 15 ወደ መጋቢት 2 ተገፋ፤ 17 ቀን ነው። ጣሪያው ሚያዝያ 25 ያልቃል ብለናል፤ 17 ሲጨመር ግንቦት 12። ልጅቷ «ፎርምወርኩን በፍጥነት ብንሠራ አምስት ቀን እናድናለን» አለች። ከዚህ በፊት በዚያ ፍጥነት ሠርተን እናውቃለን ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አናውቅም። ስለዚህ አምስቱን ቀን አልቀነስንም። አንድ ጊዜ ያራዘማችሁትን ቀን ሁለተኛ ስታራዝሙ፣ ሰው የሚያጣው ቀኑን ብቻ አይደለም፤ እናንተንም ማመን ያቆማል።

ግን ግንቦት 12 ራሱ የሚሠራው የ28 ቀኑ ውጤት ካለፈ ነው። እንደማያልፍ ደግሞ ጠርጥረናል። ካላለፈ ሶሌታው በመሣሪያ ተቆፍሮ ኮር የሚባለው ክብ ናሙና ይወጣል፣ ይሰበራል፣ ዲዛይን የሠራው መሐንዲስም ውጤቱን አይቶ ይወስናል። ለዚህ እስከ አሥር ቀን ያዝን። ስለዚህ የምንነግራቸው ቀን ሁለት ሆነ፦ ካለፈ ግንቦት 12፣ ካላለፈ እስከ ግንቦት 22። ጥሩውን ቀን ብቻ መናገር ያጓጓል። አታድርጉት።

ቀጥሎ ምክንያቱ። ልጅቷ የጻፈችው ሲሚንቶውን ነው። «በምን አወቅሽ?» አልኳት። ሁሉም ሰው እንደዚያ ይላል። ስቶር ወርደን አየን። ሲሚንቶው ለኮለኖቹ ከተሠራበት ጋር አብሮ የገባ ነው፤ የኮለኖቹ ኪዩብ ደግሞ በደንብ አልፏል። ስለዚህ ሲሚንቶው አይደለም። በሙሌቱ ቀን ጠዋት የአርማታው ስላምፕ፣ ማለትም ልስላሴው፣ ተለክቷል፤ ልክ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን አልተለካም፤ ኪዩቦቹ የተወሰዱት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። የሚክሰሩን ኦፕሬተር ለብቻው ጠራነው። ልጁ አልዋሸም። ፀሐዩ በርትቶ አርማታው ሲደርቅባቸው ለመግፋት እንዲቀል ውሃ በባልዲ ጨምረዋል። ውሃ ሲበዛ አርማታ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ግን ጥንካሬው ይወርዳል። ጥፋቱ የገበያ ሳይሆን የእኛ ነበር፤ ያልለካነው እኛ ነን።

ምክንያት ስትናገሩ ያረጋገጣችሁትን ብቻ ተናገሩ። ካላረጋገጣችሁ «ምክንያቱን እያጣራን ነው፣ ሐሙስ እነግርዎታለሁ» ማለት ይበቃል። በግምት የተናገራችሁት ምክንያት በኋላ ሲፈርስ፣ ትክክለኛው ቀናችሁም አብሮ ይጠረጠራል። ደግሞም አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ምክንያት ሲረዝም ሰበብ ይመስላል።

ቀጥሎ በእትዬ ላይ የሚደርሰው። እዚህ ላይ ልጅቷ የጻፈችው ስለ እኛ ነበር፤ አናጢዎችና ፌራዮዎች ሥራ እንደሚፈቱ፣ የሚክሰር ኪራይ እንደሚበላን። ይህ የእኛ ጣጣ ነው። እትዬ ማወቅ ያለባቸው ሦስት ነገር ነው። ገንዘብ ይጨምራሉ ወይ? ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው ያልቃል ወይ? ራሳቸው ቅድሚያ ከፍለው የቀጠሩት የአሉሚኒየም ባለሙያስ?

በመጨረሻ የላከችው ይህ ነው፦

«እትዬ፣ እንደምን አመሹ። ጣሪያው ሚያዝያ 25 ያልቃል ያልነው ወደ ግንቦት 12 ተገፍቷል፤ ሁለተኛው ምርመራ ካላለፈ ደግሞ እስከ ግንቦት 22 ሊሄድ ይችላል። የአንደኛ ፎቁ ሶሌታ ናሙና ጥንካሬው አንሶ ተገኝቷል፤ በሙሌቱ ቀን የእኛ ሠራተኞች ውሃ ስላበዙ ነው፣ ጥፋቱም የእኛ ነው። እርስዎ የሚጨምሩት ገንዘብ የለም፣ ጣሪያውም ከክረምት በፊት ያልቃል፤ የአሉሚኒየም ባለሙያውን ቀጠሮ ግን ከግንቦት 22 በኋላ ያድርጉልን። ሁለተኛው ናሙና መጋቢት 1 ይሰበራል፤ ውጤቱን የዚያኑ ዕለት ማታ ደውዬ እነግርዎታለሁ።»

ከሰላምታው ሌላ አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ከመላኩ በፊት ግን እንድትደውል ነገርኳት። እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ በድምፅ ይነገራል፤ ጽሑፉ የሚከተለው ቀኑ እንዳይረሳ ነው። ደወለች። እትዬ ጨርሰው ሰሙና መጀመሪያ የጠየቁት «ልጄ፣ ቤቱ ይወድቃል ወይ?» ብለው ነው።

እዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር ተማርኩ። ስለ ቀን፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ክረምት አስበን ነበር። ቤቱ ውስጥ የሚተኙት ልጆቻቸው መሆናቸውን ግን አላሰብንም። ልጅቷ «አይወድቅም እትዬ፣ ድጋፉ ከሥር ይዞታል፤ ጥንካሬው ሳይረጋገጥም አናነሳውም» አለቻቸው። ጽሑፉ ላይም ያንን ዓረፍተ ነገር ከምክንያቱ ቀጥሎ አስገባን። አምስት ሆነ። እንደዚህ ያለው ዓረፍተ ነገር ይጨመር፤ የሚቆረጠው ራሳችንን ለመከላከል የምንጽፈው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ የምትሠሩ፣ ይህ አጭር መልእክት የውል ማስታወቂያን አይተካም። ለምሳሌ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1999 የወጣው፣ ፊዲክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ኮንትራክተሩ ተጨማሪ ጊዜ የሚጠይቅ ከሆነ ጉዳዩን ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በቃል ነግሬያለሁ ብላችሁ ያንን ቀን አታሳልፉት። ውላችሁን ከፍታችሁ አንብቡ።

መጋቢት 1 ኪዩቦቹ ተሰበሩ፤ 22 መጣ። አላለፈም። ልጅቷ በዚያው ማታ፣ እንዳለችው፣ ደወለች። «እትዬ፣ ውጤቱ አላለፈም። ነገ ኮር እናስወጣለን፣ መሐንዲሱ እስኪወስን ሥራ አንጀምርም። ያልንዎት ግንቦት 22 አልተለወጠም።» እትዬም «እሺ ልጄ፣ የአሉሚኒየሙን ልጅ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ» አሉ። ኮሩ ወጥቶ፣ ተሰብሮ፣ መሐንዲሱ ሶሌታው ይበቃል ብሎ እስኪፈርም ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ጣሪያው ግንቦት 21 አለቀ።