ታሪኩና ቅናሹ ካልተዋወቁ

«ለማስታወቂያ ጸሐፊነት አመልክቼ ፈተና ተሰጠኝ። የአንድ ጫማ ሱቅ 10ኛ ዓመት ነው፤ ታሪኩን ተርኪ፣ ለደንበኞችም ስጦታ አቅርቢ፣ ከ100 ቃል አትለፊ ይላል። ሱቁ በአንድ በርጩማ ላይ በጫማ ጥገና እንደጀመረ የሚናገር አጭር ማስታወሻ ነበረው። ስጦታውን ራሴ እንድመርጥ ስለተፈቀደልኝ 20 በመቶ ቅናሽ አልኩ። አላለፍኩም። "ታሪኩና ቅናሹ አይተዋወቁም" ብቻ አሉኝ። ምን ማለታቸው ነው? የጻፍኩትን አያይዤልዎታለሁ።»

አማርኛሽ ምንም እንከን አይወጣለትም። ግን እስቲ መጀመሪያሽን እንየው፤ «ከ10 ዓመት በፊት በትንሽ ቦታ፣ በትልቅ ራዕይ ተነሳን»። ይህንን ለፋርማሲ ብትሰጪው ይሆናል። ለጸጉር ቤትም ይሆናል። በርጩማዋ ግን የዚህ ሱቅ ብቻ ነበረች፤ እሷን ትተሻታል። ጥገናውንም አላነሳሽውም።

ከዚያ ታሪኩ አልቆ «ይህንን ምክንያት በማድረግ 20 በመቶ ቅናሽ» ይመጣል። ታሪኩን በጣትሽ ሸፍኚና ቅናሹን ብቻ አንብቢው። ምንም አልጎደለበትም አይደል? አይተዋወቁም ያሉሽ ይህንን ነው። ደግሞ ቆጠርኩልሽ፤ «እኛ» እና «የእኛ» ስምንት ጊዜ አሉ፣ «እናንተ» ግን አንዴ ብቻ።

እኔ ብሆን ስጦታውን ከታሪኩ ውስጥ ነበር የማወጣው። ሱቁ በጥገና ከጀመረ ስጦታውም ጥገና ይሁን። እንዲህ፦

«የዛሬ 10 ዓመት የምንሸጠው አንድም ጫማ አልነበረንም። የነበረን አንድ በርጩማ ነው። እናንተ ያረጀ ጫማችሁን ይዛችሁ መጣችሁ፣ እኛ ጠገንን። አዲስ ጫማ መሸጥ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። 10ኛ ዓመታችንንም በጀመርንበት ሥራ እናከብራለን። ከእኛ የገዛችሁትን አንድ ጥንድ አሮጌ ጫማ አምጡ፤ ሶሉን በነጻ እንቀይርላችኋለን። ከወሩ 1 እስከ 10፣ በየቀኑ ለመጀመሪያዎቹ 15 ሰዎች። በ3ኛው ቀን ትረከባላችሁ። ስትመጡ "በርጩማዋ አለች?" በሉን።»

አሁን ታሪኩን ብትሸፍኚው ስጦታው ግራ ያጋባል። ጫማ ሻጭ ለምን በነጻ ይጠግናል? መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው። ደንበኛውም ታሪኩ ውስጥ ገብቷል፤ አሮጌውን ጫማ ያመጣው እሱ ነውና።

15 የምትለዋን ቁጥር ለምሳሌ ነው ያስቀመጥኳት። በእውነተኛ ሥራ ጠጋኙን ሄደሽ ትጠይቂያለሽ። በቀን 20 ሶል እቀይራለሁ ካለሽ 15 ብለሽ ጻፊ፤ ከፍሎ የሚያሠራም ደንበኛ አለው። ቁጥር ሳታስቀምጪ «ኑ» ብቻ ካልሽ ጉድ ይፈላል፤ በሁለተኛው ቀን መደርደሪያው በአሮጌ ጫማ ተሞልቶ ባለሱቁ አንቺን ይፈልጋል። ማስቲሹም እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የመረከቢያው ቀን ከጽሑፉ አይቅር። ሶላቸው የማይቀየር ጫማዎችም አሉ፤ ከላዩ ጋር አንድ ላይ ቀልጠው የተጣበቁት። ቦታ ካለሽ «ሶሉ የሚቀየር ከሆነ» የምትለዋን ጨምሪ፤ ደንበኛው በር ላይ ከሚሰማው እዚሁ ያንብበው።

ቅናሽ ጨርሶ አይሁን እያልኩሽ አይደለም። ግን 20 በመቶ ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ሂሳቡን ሥሪ። በ100 የሚሸጠው ዕቃ ለሱቁ በ70 ቢገባው ትርፉ 30 ነው። 20 ስትቀንሺለት 10 ይቀረዋል። የድሮውን ትርፍ ለማግኘት ሦስት እጥፍ መሸጥ አለበት ማለት ነው። ፈታኙ የንግድ ሰው ከሆነ ይህችን ወዲያው ያያታል፣ አንቺ ደግሞ ስጦታውን ምረጪ ስትባዪ ያለ ምንም ማብራሪያ ነው ያስቀመጥሽው።

«በርጩማዋ አለች?» የምትለዋም ለጨዋታ ብቻ የገባች አይደለችም። እሷን ለሚል ሰው ሁሉ ባለሱቁ ደብተር ላይ አንድ አንድ ጭረት ያደርጋል። በ10ኛው ቀን ጽሑፉን አንብቦ የመጣውንና እንዲሁ ያለፈውን ይለያል።

ሌላ ከመላክሽ በፊት የጻፍሽውን ለማያውቅሽ ሰው አስነብቢውና መልሰሽ ተቀበዪው። «ምን ይሰጡኛል? እስከ መቼ?» የሚሉትን ሁለቱን ከመለሰልሽ ሦስተኛ ጠይቂው፤ «ለምን ይህንን መረጡ?» እዚህ ላይ ከተንተባተበ ታሪኩ ገና አልሠራም።

ያንኑ ፈተና እንደገና ጻፊውና የሥራ ናሙናሽ ውስጥ አስገቢው። ከላዩ «የልምምድ ሥራ» ብለሽ በግልጽ ጻፊበት፣ የሱቁን ስም ሰርዢው። ከሥሩ ስጦታውን ለምን እንደመረጥሽና ለባለሱቁ ምን ምን ጥያቄ ታቀርቢለት እንደነበር በሁለት መስመር አስቀምጪ። እኔ ቀጣሪ ብሆን ከጽሑፉ ይልቅ እነዚያን ሁለት መስመሮች ነው ቀድሜ የማነበው።