ለልጆች ጫማ ሱቅ የቱ ይሻላል?

«መገናኛ አካባቢ የልጆች ጫማ እሸጣለሁ። ለደንበኞቼ የዋትስአፕ ግሩፕ፣ የቴሌግራም ቻናል ወይስ የፌስቡክ ገጽ ልክፈት?»

የቴሌግራም ቻናል ይክፈቱ። እኔ የልጆች ልብስ መሸጥ የጀመርኩት በዋትስአፕ ግሩፕ ነበር። እዚያ አባላቱ ሁሉ የአንዳቸውን ስልክ ቁጥር ሌላው ያያል። አንድ ነጋዴ ደንበኛ መስሎ ገባና እናቶቹን አንድ በአንድ እየደወለ አስቸገራቸው። እኔን አምነው የሰጡት ቁጥር በእኔ በኩል መውጣቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በቻናል ግን ተከታዮች እርስ በርስ አይተያዩም፤ ዛሬ የገባ ሰውም ያለፈውን ወር ዕቃ ወደ ላይ እየሄደ ማየት ይችላል።

ለእያንዳንዱ ጫማ አንድ ፎቶ ይለጥፉ፤ ከሥሩ ዋጋውንና «ቁጥር 27፣ 28 እና 30 አለ» ብለው ይጻፉ። 28 ሲያልቅ ያንኑ ጽሑፍ ያስተካክሉ፤ አለበለዚያ ሰው ከሩቅ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከልጥፉ ሥር ስንት ሰው እንዳየው ይታያል። ብዙ ሰው አይቶት ማንም ካልጠየቀ፣ ዋጋውን ወይም የቀሩትን ቁጥሮች ይመርምሩ።

የፌስቡክ ገጽ የሚጠቅመው ገና ለማያውቅዎት ሰው ነው። የሚለጥፉት ለሁሉም ተከታይ ስለማይደርስ የቻናሉን ሊንክ ከገጹ አናት ላይ ያስቀምጡ።