«ላፕቶፔን ቻርጅ አድርጊልኝ»፦ የተዋስነው የቱ፣ የቀየርነው የቱ?

ክረምት ላይ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ጎጃም ብቅ ይላሉ። ልጆቹ ሲያወሩ አያቶች ግማሹን ይሰማሉ፣ ግማሹ ያመልጣቸዋል። እኔ ደብረ ማርቆስ የቋንቋ መምህር ነኝ። እህቴም ዋሽንግተን አካባቢ ልጆች ታሳድጋለች፣ ስለዚህ ጉዳዩ እኔም ቤት አለ። ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ የተወሰኑትን እነሆ።

አንዲት አያት፣ ከቢቸና፦ መምህር፣ የልጅ ልጄ እናቱን «ላፕቶፔን ቻርጅ አድርጊልኝ፣ ቢኮዝ አይ ሃቭ ሆምወርክ» አላት። መጀመሪያው ገባኝ፣ መጨረሻው አልገባኝም። ልጁ አማርኛውን እየረሳው ነው?

እናቴ፣ የገባዎትና ያልገባዎት የተለያዩበት ቦታ ራሱ ትልቅ ነገር ይናገራል።

«ላፕቶፔን» ብሎ ሲጀምር ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው። ጭራው ግን የእኛ ነው። «ደብተሬን»፣ «በጌን» እንደምንለው ነው ያለው። እንግሊዝኛ «የእኔ» ለማለት ከፊት ሌላ ቃል ያስቀድማል እንጂ ከኋላ ጭራ አይቀጥልም። «ቻርጅ»ንም ቢሆን ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከሱ ቀጥሎ ያለውን «አድርጊልኝ»ን ደግሞ ልብ ይበሉት። የሚታዘዘው ማን እንደሆነ፣ ሴት እንደሆነች፣ ለማን እንደሚደረግ፣ ሁሉም እዚያች አንዲት ቃል ውስጥ አለ። ይህ ሁሉ የተዋሰ ቃል ያለበት አማርኛ ነው።

«ቢኮዝ» ላይ ሲደርስ ግን ልጁ ቤት ለወጠ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፦ «የቤት ሥራ አለብኝ»። «አይ ሃቭ ሆምወርክ» ሲል ግሱ መሐል ገባ። ከዚያ ወዲያ አንድም የአማርኛ ጭራ የለም። ይህ ቃል መዋስ አይደለም፣ ቋንቋ መቀየር ነው። ለእርስዎ ያልገባዎትም ለዚህ ነው።

«ሆምወርክ» ብቻውን ግን ያታልላል። እዚህ ያለ ተማሪ «ሆምወርኬን ጨረስኩ» ሲል ቃሉ የተዋሰ ነው። የእርስዎ ልጅ እንግሊዝኛ እየተናገረ ሳለ ያለው ግን በቃ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ቃሉን ብቻ ነጥሎ የውሰት ነው ወይም አይደለም ማለት አይቻልም። የተቀመጠበትን ዓረፍተ ነገር ማየት ያስፈልጋል።

ስለ መርሳቱ፣ በዚህ ዓረፍተ ነገር ምንም የሚያስፈራ አላየሁም። እናቱን «አድርግልኝ» ማለት ከጀመረ፣ «ልጆቹ መጣ» ካለ፣ ያኔ የአማርኛው ጭራ እየላላ ነውና ይጠንቀቁ። የእንግሊዝኛ ቃል መብዛቱን ሳይሆን ጭራውን ይከታተሉ።

አንድ ወጣት፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ይኼ እኮ ቀላል ነው። አማርኛ ቃሉ ከሌለው ውሰት ነው። ካለው ደግሞ ቅየራ ነው።

ግማሹ ልክ ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን ከጣልያንኛ የመጡት ዕቃው ራሱ ሲመጣ ነው። ግን «ቻው»ን እስቲ ተመልከተው። እሱም ከጣልያንኛ ነው። «ደህና ሁን» እያለን ተዋስነው፣ እና ዛሬ እንግሊዝኛም ጣልያንኛም የማያውቅ ሰው ይለዋል። ቃሉ አለን፣ ውሰቱም አለ። ስለዚህ የጉድለት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ውሰት ምን ያህል ሊጠልቅ እንደሚችል ለማየት ደግሞ «ፊርማ»ን ውሰድ። ይህም የጣልያንኛ ቃል ነው። አማርኛ ግን «ፍ»፣ «ር» እና «ም»ን ነቅሶ አወጣና እንደ ራሱ ሥር አረባቸው፦ ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረሙ። «ውሉን ተፈራረሙ» የሚል የገጠር ሽማግሌ የባዕድ ቃል የተናገረ አይመስለውም።

አንዲት እናት፣ ዳንግላ ተወልዳ ሚኒያፖሊስ የምትኖር፦ እኛ ቤት «ፓርክ አድርገው»፣ «ካንስል አደረግኩት»፣ «ኮንፊውዝ ሆንኩ» ነው የሚባለው። «ፈረመ» ካልን ለምን «ፓረከ» አንልም?

እህቴ፣ በጣም ወደድኩት ይህን ጥያቄ። ፓርክም ሦስት ተነባቢ አለው፣ ስለዚህ አይቻልም ማለት አይደለም። ግን አማርኛ ለዚህ ሥራ ከዱሮም የተከፈተ በር አለው። «ዝም አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «ዝም አደረገው»፣ «ከፍ አደረገው» እንላለን። «ዝም» አይረባም፣ የሚረባው «አለ» ነው። የእንግሊዝኛው ግስ በዚሁ በር ይገባል። «ፓርክ» እንደ «ዝም» ደርቆ ይቆማል፣ ጊዜውንም ጾታውንም ቁጥሩንም «አደረገ» ይሸከምለታል።

በሩ ደግሞ ዝም ብሎ አያስገባም። ሌላ ነገር ላይ የምትሠሪውን በ«አደረገ» ትይዋለሽ፦ «ካንስል አደረግኩት»። በራስሽ ላይ የደረሰውን በ«ሆነ» ትይዋለሽ፦ «ኮንፊውዝ ሆንኩ»። ማንም አላስተማረሽም፣ ልጆችሽም አያምታቱትም። ይህ ሁሉ የአማርኛ ሕግ ነው።

አስቸጋሪው ሌላ ነው። በዚህ በር ማንኛውም የእንግሊዝኛ ግስ መግባት ይችላል። «ቻርጅ አድርጊልኝ» እና «ኤክስፕሌይን አድርጊልኝ» በቅርጽ አንድ ናቸው። የመጀመሪያውን ዳንግላ ያለችው እናትሽ ትረዳለች። ሁለተኛውን የሚረዳው እንግሊዝኛ የሚያውቅ ብቻ ነው። ቅርጹ ሳይለያይ የሚለየው የሚሰማው ሰው ነው።

አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር፦ መምህር፣ የቋንቋ ተመራማሪዋ ሻና ፖፕላክ እንዳለችው የተቀባዩን ቋንቋ ጭራ ከያዘ ውሰት ነው ብለን ብንዘጋውስ? ለአንድ ቀን የተባለም ቢሆን።

ሊዘጋ ይችል ነበር፣ ሁሉም ቢስማማ። ፖፕላክ ኒው ዮርክ ያሉ ፖርቶ ሪኳውያንን፣ በኋላም ካናዳ ውስጥ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚቀላቅሉትን አጥንታለች። ጭራና የቃል ቅደም ተከተል የሚለው መለኪያዋ ለአማርኛ በጣም ይመቻል፣ ምክንያቱም የእኛ ጭራ ብዙ ነው። በእሷ መንገድ «ስኩሉን አልወደውም» ያለ ልጅ ተዋሰ እንጂ አልቀየረም። ዓለም ላይ ሁለተኛ ሰው ባይለውም።

ናይሮቢ ስዋሂሊና እንግሊዝኛን ያጠናችው ካሮል ማየርስ ስኮተን ግን እ.ኤ.አ. በ1993 መጽሐፏ ሌላ መንገድ ሄደች። አንዱ ቋንቋ ማገርና ወራጁን ያቆማል፣ ሌላው ቃል ያቀብላል ትላለች። የቀረበው አንድ ቃል ቢሆንም ቅየራ ሊሆን ይችላል፣ ውሰት የሚሆነው ማኅበረሰቡ ሲለምደው ነው። በእሷ ዓይን ሌላም ነገር ይታያል። «ማይ ፍሬንድስ መጡ» የሚል ልጅ ማገሩ አማርኛ ነው፣ ግሱም መጨረሻ ላይ ነው። «ማይ ፍሬንድስ» ግን የራሱን የእንግሊዝኛ ሥርዓት ይዞ፣ እንደ ጣና ደሴት በአማርኛ ውሃ ተከቦ ቆሟል። «ፍሬንዶቼ መጡ» ቢል ደሴት የለም።

እኔ ሰዋስው ስተነትን ወደ ፖፕላክ አዘነብላለሁ። አያት ፊት ስቀመጥ ግን «ስኩሉን» እና «ላፕቶፔን» አንድ ናቸው ለማለት አፌ አይደፍርም። አንተ በድምፅ አጠራር ልለየው ብለህ ካሰብክ ተጠንቀቅ። እዚህ ያደገ «እስፖርት» ብሎ እ ይጨምራል፣ እዚያ የተወለደው ግን ለዘመናት የተዋስነውንም ቃል ጭምር በእንግሊዝኛ ምላስ ይጠራዋል። ድምፁ የተናጋሪውን አስተዳደግ ይነግርሃል እንጂ የቃሉን ማንነት ሁልጊዜ አይነግርህም።

አንድ አያት፣ ከሞጣ፦ የእኔዋስ ምንም አትቀላቅልም። በአማርኛ ስጠይቃት ሁሉ ገብቷት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ይኼ የትኛው ነው?

አባቴ፣ ይህ ከሁለቱም አይገባም። ቅየራ የሚባለው አንድ ተናጋሪ ሁለቱንም ሲናገር ነው። የእርስዎ ልጅ የምትሰማውና የምትናገረው ቋንቋ ተለያይቷል። የምትቀላቅል ልጅ ከእሷ ይልቅ አማርኛ እየተናገረች ነው። ስለዚህ አንድ ቀን «አያቴ፣ ዋተር ስጠኝ» ብትልዎ አይቆጧት፤ «ስጠኝ»ን ብላለች።

አንዲት አያት፣ ከቡሬ፦ በስልክ «አያቴ፣ ናፈቅኩሽ» ትለኛለች። ቃሉ ሁሉ አማርኛ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልክ አልመጣልኝም።

ጆሮዎ ልክ ነው፣ እናቴ። «ናፈቅኩሽ» ሲባል የናፈቁት እርስዎ፣ የተናፈቀችው እሷ ናት። እሷ ልትል የፈለገችው «ናፈቅሽኝ» ነው። በአማርኛ እንዲህ ስንል የግሱ ባለቤት የሚናፈቀው ሰው ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን ናፋቂው ነው። ልጅቷ የእንግሊዝኛውን ቅርጽ ወስዳ በአማርኛ ቃል ሞላችው። የተዋሰችው ቃል ሳይሆን አሠራር ነው። ይህ ዓይነቱ ከሁሉም ተደብቆ ይገባል፣ ምክንያቱም ባዕድ ቃል የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም።

የእህቴ ልጅም «ባሱን ሚስ አደረግኩት» ይላል። እኛ «አመለጠኝ» እንላለን፣ ያመለጠው አውቶቡሱ ነው። «ሚስ አደረግኩ» ሲል ባለቤቱ ልጁ ሆነ። ይህ ዛሬ አገር ቤትም ከወጣቶች አፍ ይሰማል። እኔ ልጁ እንዲህ ሲለኝ አላቋርጠውም። «አመለጠህ እንዴ? ስንት ሰዓት አመለጠህ?» ብዬ እመልስለታለሁ። እርስዎም «አንቺም ናፈቅሽኝ» ይበሏት፣ ደጋግመው።

አንድ አባት፣ ከእንጅባራ፦ እኛ ውጭ ሳንሄድ ቤታችን ውስጥ አዊኛና አማርኛ እንቀላቅላለን። መለኪያው ያው ነው?

ወንድሜ፣ አንዱ መለኪያ እናንተ ቤት ይሰናከላል። ለቢቸናዋ እናት ግሱ መሐል ገባ ብዬ ቅየራውን አሳየኋቸው። አዊኛ ግን እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሻገሩ ቅደም ተከተሉ አይሰበርም፣ ድንበሩም አይታይም። የሚቀረው ጭራው ነው። አማርኛም ከአገው ቋንቋዎች ከጥንት ጀምሮ ብዙ ስለወሰደ፣ አንዳንዱን ቃል ማን ከማን እንደተዋሰው መለየት ራሱ ሥራ ነው። እኔ አዊኛ አልናገርም። እራት ላይ የምትሉትን ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጽፈህ ላክልኝ፣ የእያንዳንዱ ቃል ጭራ የየትኛው ቋንቋ እንደሆነም ከሥሩ አስምርበት። ከዚያ አብረን እናየዋለን።